እርከኑ በዛ

ደከመን። ይህን የምጽፈው በደሳ ተቀምጬ ነው፤ ነገሩን ግን ጭሮ ያለውም፣ ገለምሶ ያለውም፣ ሂርና ያለውም የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል። ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተተው ባለጉዳይማ ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል።

መሳቢያዬ ውስጥ የአንድ ደብዳቤ ቅጂ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የቡና ችግኝ ጣቢያ የተጻፈ ነው። የውሃ ፓምፑ ቺንጋ ስለተበጠሰ ይገዛልን ይላል፤ ከአራት መስመር አይበልጥም። ኅዳጉ ግን ግራና ቀኙ በእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። መዝገብ ቤት የካቲት 4 «ገቢ» ብሎ ማኅተም መታበት። ኃላፊው በ6 «ለምክትል፣ ይታይ» ብሎ መራው። ምክትሉ በ9 «ለሥራ ሂደቱ፣ አስፈላጊው ይፈጸም» አለ። የሥራ ሂደቱ መሪ በ12 «ለቡድን መሪ፣ ተመልክተህ አቅርብ» ብሎ ፈረመ። ቡድን መሪው እኔ ነኝ። በ16 እጄ ገባ፣ ከሥሬ ላለው ባለሙያ ሰጠሁት፣ እሱም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዋጋውን አጣርቶ የግዢ መጠየቂያውን ሞላ።

ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ጉዞው ጀመረ። በ18 ከሥራ ሂደቱ መሪ «ቃላቱ ይስተካከሉ» ተብሎ ተመለሰ። በ20 አስተካክለን ላክን። በ23 ምክትሉ፣ በ26 ኃላፊው ፈረሙ። በ27 ግዢ ክፍል ደረሰ። ከ4 እስከ 27 ስንቆጥር 23 ቀን ነው፤ ሥራ የተሠራበት ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው። የካቲት በእኛ አገር ፀሐይዋ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። በፕላስቲክ የተተከለ የቡና ችግኝ ለሁለትና ለሦስት ቀን ውሃ ካጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል። የጣቢያዋ ሠራተኛ ከምንጭ በጀሪካን እየተሸከመች የቻለችውን አጠጣች። ቺንጋው ገብቶ ፓምፑ ሲነሳ ከተረፈው ችግኝ የደረቀው ይበዛ ነበር።

ይህን ሳስብ የሚያንገበግበኝ አንድም ሰው ሰነፈ ለማለት አለመቻሌ ነው። ማንም አልተኛም። ኃላፊው ስብሰባ ነበረበት፣ ምክትሉ ቀበሌ ወርዶ ነበር፣ የሥራ ሂደቱ መሪ ጭሮ ለሥልጠና ተጠርቶ ነበር። እያንዳንዱ ወረቀቱን ያቆየው ከሁለት እስከ አራት ቀን ነው፣ ያ ደግሞ ለአንድ ሥራ የሚበዛበት ሰው ብዙ አይደለም። ወረቀቱን ያስረጀው የማቆሚያው ብዛት ነው።

እስቲ መሥሪያ ቤታችንን እንቁጠር። ጠቅላላ 19 ነን። አንድ ኃላፊ፣ አንድ ምክትል፣ ሦስት የሥራ ሂደት መሪ፣ አምስት ቡድን መሪ። ይህ 10 አለቃ ነው። የሚሠራው 9 ሰው ነው። እኔ ራሴ ቡድን መሪ ተብዬ የምመራው ሁለት ሰው ነው፤ አንዷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ያን አንድ ሰው ለመምራት በየሳምንቱ ዕቅድ አወጣለሁ፣ የአፈጻጸም ቅጽ እሞላለሁ፣ ሪፖርቱን ከእሱ ተቀብዬ ራስጌውን ቀይሬ ወደ ላይ አሳልፋለሁ። የሥራ ሂደቱ መሪም ከእኔና ከሌላው ቡድን መሪ ተቀብሎ እንዲሁ ያደርጋል።

የአስተዳደር ትምህርት የተማሩ ሰዎች አንድ አለቃ በቀጥታ የሚመራውን የሰው ብዛት የቁጥጥር ስፋት ይሉታል። ስፋቱ ሲጠብብ እርከኑ ይበዛል፣ ስፋቱ ሲሰፋ እርከኑ ያንሳል። ይህን ለማየት ትንሽ ስሌት ይበቃል። 64 ሠራተኛ አለ እንበል። ለአንድ አለቃ አራት ሰው ብንሰጥ 16 አለቃ ያስፈልጋል። ለእነዚያ 16 አራት የበላይ፣ ለአራቱ ደግሞ አንድ የሁሉ የበላይ። ድምሩ 21 አለቃ በሦስት እርከን ይሆናል። ለአንድ አለቃ ስምንት ሰው ብንሰጥ ግን 8 አለቃና አንድ የበላይ ይበቃል፤ 9 አለቃ በሁለት እርከን። የሚሠሩት 64 ሰዎች ያው ናቸው። ልዩነቱ 12 ደመወዝ፣ 12 ጠረጴዛና ወረቀቱ ሲወርድም ሲወጣም የሚያርፍበት አንድ ተጨማሪ ማቆሚያ ነው።

ታዲያ ለምን ይጠብባል? ጠባብነትን የሚደግፉት ሰዎችም የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ግራይቹናስ የሚባል አማካሪ የታወቀ ስሌት አቅርቧል። አለቃ የሚይዘው ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ጭምር ነው አለ፤ እያንዳንዱን ለብቻው፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ሲቀርቡ፣ እርስ በእርሳቸው ሲነጋገሩ ማለት ነው። በእሱ ቀመር አራት ሰው ያለው አለቃ 44 ግንኙነት ይኖረዋል። አምስተኛ ሲጨመር 100 ይሆናል፣ ስድስተኛ ሲጨመር 222። ስለዚህ ከአምስት ወይም ከስድስት አትለፉ የሚል ምክር ከዚያ ዘመን ጀምሮ በየመጽሐፉ ገባ። ቀመሩ ግን የሚቆጥረው ሊኖር የሚችለውን ግንኙነት ሁሉ ነው፤ በዕለት ሥራ የሚያጋጥመውን አይደለም። አምስት ሰዎች በየራሳቸው ቀበሌ አንድ ዓይነት የዘር ማከፋፈያ ቅጽ የሚሞሉ ከሆነ እርስ በእርስ የሚያገናኛቸው ጉዳይ ስንት ነው? ከሞላ ጎደል የለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ኸርበርት ሳይመን ይህን ምክር አንሥቶ ሲተች፣ እርከን ይቀነስ የሚለውና ስፋት ይጥበብ የሚለው ሁለት ምክር አብረው ሊሄዱ እንደማይችሉ አሳይቷል። እኛ ዘንድ ሁለቱም በአንድ ስብሰባ ይባላሉ።

አምስት የሚለው ቁጥር ወደ እኛ የመጣው በአንድ ለአምስት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው አምስት አባወራ በአንድ መሪ ይደራጅ ተባለ፣ ከ25 እስከ 30 አባወራ ያለው ደግሞ የልማት ቡድን፣ በእኛ በኩል ጋሬ የሚባለው። ባለቤቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለሆነች ይህን ቁጥር ቤቴ ውስጥ ነው የማየው። አንድ ቀበሌ 5,000 ያህል ሕዝብ አለው፣ በአባወራ ሲቆጠር ወደ 1,000 ይጠጋል። በ30 ብንከፍለው 33 ጋሬ ይሆናል። እያንዳንዱ ጋሬ ውስጥ መሪውን ጨምሮ ስድስት ስድስት አባወራ ቢደራጅ አምስት አምስት የአንድ ለአምስት ቡድን ይወጣዋል፣ በቀበሌው ደግሞ 165 ያህል። ከዚህ ሁሉ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው። እንግዲህ ስፋቱን ከታች ወደ ላይ እንከተል። ጎረቤቶችን የሚያስተባብረው ሰው አምስት ይመራል። የጋሬ መሪው አምስት ይመራል። ባለቤቴ ግን ከጓደኛዋ ጋር ስትካፈል 16 ወይም 17 ጋሬ ይደርሳታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ከታች ያሉት አምስት አባወራዎች አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ናቸው። ሥራቸው ተመሳሳይ ነው፤ መጸዳጃ ቤት መቆፈር፣ ሕፃናትን ለክትባት ማምጣት፣ አጎበር መስቀል። እንዲህ ላለ ተመሳሳይ ሥራ አንድ ሰው አሥርም አሥራ አምስትም ጎረቤት ማስተባበር አያቅተውም፣ ጧት ቡና ሲጠራሩ ይገናኛሉና። የባለቤቴ ሥራ ግን በየቤቱ ይለያያል። አንዲት እርጉዝ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ጤና ጣቢያ አልሄድም ብላለች፣ ከተራራው ማዶ ሁለት ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸዋል፣ እዚህኛው ጋሬ መሪዋ ወደ ዱከም ሄዳ ተተኪ የለም። በ1995 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ሲጀመር የሥራው ዝርዝር 16 ፓኬጅ ነበር። እሷ አለቃ ብቻ አይደለችም፤ ራሷም መርፌ ትወጋለች፣ ቤት ለቤት ትሄዳለች። የራሱ ሥራ ያለበት አለቃ ስፋቱ ሊጠብብለት ይገባ ነበር። ለእሷ ግን እጅግ የሰፋባት እዚያው ላይ ነው።

በቀላሉ ሊሰፋ የሚችለውን አጠበብነው፣ መጥበብ የነበረበትን አሰፋነው። ከዚያ ባለቤቴ ለ17ቱ መድረስ ሲያቅታት መፍትሔው ሌላ መሪ በመሃል መጨመር ይሆናል። የዚያ መሪ ሪፖርት ደግሞ እሷው ጋ ይመጣል። አንድ ቀን ማታ ኩራዝ አብርታ የጋሬዎቹን ወረቀት ስትደምር አየኋት። «ይህን የምደምርበትን ሰዓት ለእርጉዟ ብሰጣት ኖሮ» አለችና ዝም አለች።

እኔ ወደ ቢሮ ከመግባቴ በፊት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከበደሳ በላይ ባለው ተራራ ከገበሬዎች ጋር እርከን ስሠራ ዓመታት አሳልፌያለሁ። እርከን የሚለው ቃል ለተራራውም ለቢሮውም መዋሉ ያስገርመኛል። በተራራው ላይ የእርከኖቹ ርቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። መሬቱ 1 ሜትር ቁልቁል በወረደ ቁጥር አንድ እርከን ይሠራ ከተባለ፣ 5 በመቶ ተዳፋት ባለው ማሳ በሁለት እርከን መካከል 20 ሜትር ይኖራል፤ 20 በመቶ በሆነው ላይ ግን 5 ሜትር ብቻ ነው። ረባዳው ላይ በየአምስት ሜትሩ እርከን የሚሠራ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማሳው በሙሉ ድንጋይ ሆኖ የሚዘራበት ያጣል። ገደሉ ላይ በየ20 ሜትሩ ብቻ የሚሠራም አፈሩን ጎርፍ ይወስድበታል። አንድ ኦቦ፣ ማንበብ መጻፍ የማይችሉ ሽማግሌ፣ እግራቸውን አቁመው ቁልቁለቱን ዓይተው ርቀቱን ይነግሩኝ ነበር፣ ስንለካው ብዙ አይስቱም።

ቢሮም እንዲሁ ተዳፋቱ ይታያል። ሥራው ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሠራተኛው ሥራውን የለመደ ከሆነ፣ ሁሉም አንድ ግቢ ካሉ፣ ረባዳ ነው፤ ስፋቱን አሥርና አሥራ ሁለት ማድረስ ይቻላል። በየቀኑ አዲስ ችግር የሚመጣ ከሆነ፣ ሠራተኛው ገና ጀማሪ ከሆነ፣ ለመገናኘት ግማሽ ቀን በእግር የሚኬድ ከሆነ ገደል ነው፤ አራትና አምስትም ይበዛል። እኛ ግን ለመዝገብ ቤትም፣ ለሒሳብም፣ ለቀበሌም፣ ለትምህርት ቤት መምህራንም አምስት ብለን ሁሉንም አንድ ተዳፋት አደረግነው።

የሁሉም እርከን ጠላት አይደለሁም። ኦሮሚያ 300 ገደማ ወረዳና የከተማ አስተዳደር አላት። ዞን ባይኖር ክልሉ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው 300 ወረዳ በቀጥታ ሊከታተል ነው ማለት ነው። ዞኖቹ ሃያ ገደማ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 15 ያህል ወረዳ ይደርሰዋል። ጭሮ ባትኖር የበደሳ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። ያ እርከን ለሚወጣበት ጉልበት ይመጥናል። የማማርረው ሁለት ሰው ለመምራት ስለሚሠራው ነው።

ደግሞ እርከን ማብዛት ብቻውን ወረቀትን አያዘገይም ነበር፣ በየእርከኑ መወሰን ቢቻል። በኦሪት ዘፀአት ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየውና ትደክማለህ አለው። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም ብሎ መከረው። የወታደሩ ማዕረጎቻችን አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የሚሏቸው ስሞች ይህንኑ ቆጠራ ነው የተሸከሙት። የወጣው ሕዝብ 600,000 ወንድ ነው በተባለው ብንሰላው 60,000 የአሥር አለቃ፣ 12,000 የአምሳ፣ 6,000 የመቶ፣ 600 የሺህ አለቃ ይሆናል፤ ድምሩ 78,600 ነው። ብዙ እርከን፣ ብዙ አለቃ። የዮቶር ምክር ግን እዚያ አላበቃም። ታናሹን ነገር እነሱ ይፍረዱ፣ ከባዱን ብቻ ወደ አንተ ያምጡ ብሏል። የአሥር አለቃው ዘንድ የደረሰ ጉዳይ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሽቅብ የሚወጣው ያልተቻለው ብቻ ነው።

እኛ አለቆቹን ወሰድን፣ ፍርዱን ተውነው። እኔ ቡድን መሪ ሆኜ የአንድ ቺንጋ ግዢ የመፍቀድ ሥልጣን የለኝም። የሥራ ሂደቱ መሪም የለውም። ምክትሉም ኃላፊው ካልፈረመ አይንቀሳቀስም። በመካከል ያለነው ሦስት ሰዎች የምናደርገው አንድ ነገር ነው፣ ማስተላለፍ። አንድ እርከን ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ መለያ አላውቅም፤ የደብዳቤውን ኅዳግ እዩ። «ይታይ»፣ «ተመልክተህ አቅርብ»፣ «አስፈላጊው ይፈጸም» ብቻ የጻፈ ሰው በዚያ ጉዳይ አልወሰነም። «ፈቅጃለሁ» ወይም «አልፈቀድኩም» የጻፈው ነው የወሰነው። በእኛ ደብዳቤ ላይ ያን የጻፈው የመጨረሻው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በስብሰባ ላይ አንሥቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፣ አዳመጡኝ። «እርከኑን ብንቀንስ እነዚህን ሰዎች የት እናደርሳቸዋለን?» አሉ። የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። እኛ ዘንድ ባለሙያ ሆኖ ዕድገት የሚያገኘው እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው፤ ከፍተኛ ባለሙያ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ደመወዙ የሚጨምረው ወንበር ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎበዙን ሠራተኛ ላለማጣት ቡድን መሪ እናደርገዋለን። ቡድን መሪ ለመሆን ደግሞ ቡድን መኖር አለበት፣ ሁለት ሰው ይመደብለታል። በዚህ መንገድ የሥራ ሂደት ሲባል የነበረው ስሙ ሲለወጥ፣ ዳይሬክቶሬት ሲባል፣ ዴስክ ሲባል፣ መዋቅሩ ሲታደስ ሁሉ ስፋቱ እየጠበበ ነው የመጣው። የእኔም ዕድገት እንዲሁ ነው የመጣው። በደንብ የማውቀውን የተራራ እርከን ሥራ ትቼ ሁለት ሰው ልመራ የተቀመጥኩት በልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ ምክንያት ነው፤ ማንም ቢሆን እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ስፋቱን ማስፋት ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ። 19 ሰው ባለበት አንድ ኃላፊ፣ ሁለት አስተባባሪ፣ ስምንት ስምንት ሠራተኛ ብናደርግ ያ የካቲት 4 የገባው ወረቀት ሲወርድ ሁለት ቦታ፣ ሲወጣ ሁለት ቦታ ብቻ ያርፋል። በየቦታው ሦስት ቀን ቢቆይ እንኳ 12 ቀን ነው። ነገር ግን ስምንት ሰው የሚመራ አስተባባሪ አሁንም ለእያንዳንዱ ቺንጋ የኃላፊውን ፊርማ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያለው ክምር ያድጋል፣ ሦስቱ ቀን ስድስት ይሆናል። እስከ ተወሰነ ብር ድረስ አስተባባሪው ራሱ ይፈርም ካልተባለ የተቀነሰው እርከን በወረፋ መልክ ይመለሳል። ለባለሙያውም ወንበር ሳያስፈልገው የሚያድግበት ደረጃ ካልተከፈተ በሁለት ዓመት ውስጥ «ምክትል አስተባባሪ» የሚል መደብ ይፈጠራል። ይህን ደግሞ አንድ ወረዳ ብቻውን አይወስነውም፤ የደመወዝ እርከኑ የሚወጣው ከላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ችግኝ ጣቢያው ወርጄ ነበር። አዲስ አፈር ተሞልቶ አዲስ ዘር ተዘርቷል፣ የቡናው ቡቃያ ገና እንደ ክብሪት እንጨት ራስ ብቅ ብሏል። ሠራተኛዋ ፓምፑን አሳየችኝ፤ አሁን ደግሞ የመምጠጫው ጎማ ተሰንጥቋል፣ በላስቲክ አሥራዋለች። «ደብዳቤ ልጻፍ እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ። ወሩን ቆጠርኩ። ጎማው ከገበያ ምን ያህል እንደሚሸጥ ጠየቅኳትና ከኪሴ ሰጠኋት።